የሰሊጥ ገዥ በሊንክዲን ለምትፈልገው እህቴ

«ጋሼ፣ በማርኬቲንግ ተመርቄ እዚሁ ጎንደር አንድ ሰሊጥ ላኪ ድርጅት ውስጥ በሽያጭ ሥራ ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። አለቃዬ በሊንክዲን የውጭ ገዥ ፈልጊ ብለውኝ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ጋር ተገናኘሁ፤ ለሁሉም ዋጋችንን ላክሁላቸው። መልስ የሰጡኝ ደላሎች ብቻ ናቸው። ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?»

እህቴ፣ የምትሸጪው ዕቃ ጥሩ ነው፤ አንቺም አልሰነፍሽም። ችግሩ ያለው ሰው ከመምረጥሽ በፊት ዋጋ መላክሽ ላይ ነው። የማያውቁሽ ሰዎች ከማያውቁት ከተማ ዋጋ ሲደርሳቸው ከልባቸው የሚያነቡት ዋጋ አሻግረው ኮሚሽን የሚበሉት ናቸው። ስለዚህ ደላሎቹን የጠራቸው የራስሽ መልእክት ነው።

ከስምሽ ሥር ካለችው መስመር እንጀምር። «የሽያጭ ባለሙያ፣ ለለውጥ የምተጋ» የሚል ዓይነት ጽፈሽ ከሆነ አጥፊው። ሰሊጥ ፈጭቶ ጣሂኒ የሚሠራ ፋብሪካ ገዥ ስምሽን ሲያይ ማወቅ የሚፈልገው ምን ዓይነት ሰሊጥ፣ ከየት፣ በምን መልክ እንደምታቀርቢ ነው። የእኛ ነጭ ሰሊጥ በምርት ገበያው «ሁመራ ጎንደር» ተብሎ ይመደባል፤ የውጭ ገዥ ግን በብዛት የሚያውቀው Humera በሚለው ስም ስለሆነ በመስመሯ ላይ ይህ ቃል ይኑር። ቦታው እስከ 220 ፊደል ይይዛል፤ የሰሊጡን ዓይነት፣ የተበጠረ መሆኑን፣ በ50 ኪሎ ጆንያ እንደሚጫንና የድርጅቱን ስም ብትጽፊ ይበቃል። የሥራ መደብሽን ግን ከሆንሽው በላይ እንዳታሳድጊው። ሳትሆኚ «ኤክስፖርት ማናጀር» ብትይ ገዥው ዋጋ እንድትወስኚለት ይጠብቃል፤ አለቃሽን ልጠይቅ ስትይው እምነቱ ይወርዳል። About በሚለው ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው ሳይከፈቱ የሚታዩት፤ ስለ ራስሽ ሕልም ሳይሆን ማበጠሪያችሁ ስለሚሠራው ሥራና ስለ ናሙና አላላካችሁ ይሁኑ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ከሦስት መቶው ውስጥ ስንቶቹ ራሱ ሰሊጥ የሚፈጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ? ቁጠሪያቸው። ከዚያ በፍለጋው ላይ ይህን ጻፊ፣ ውጤቱንም People በሚለው አጥሪው፦

```
(purchasing OR procurement OR "raw materials") AND (tahini OR halva)
```

በአገር ለይተሽ ቱርክን፣ እስራኤልንና ግሪክን ተመልከቺ፤ ጣሂኒንና ከጣሂኒ የሚሠራውን ጣፋጭ ሃልቫን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በብዛት አሉባቸው። ከሚወጣው ስም ውስጥ አሥራ ሁለት ብቻ ምረጪ። አሥራ ሁለት ስል ከልቤ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ልትሰጪ የምትችዪው ለዚያን ያህል ሰው ብቻ ነው። ሰውየው በፋብሪካው የግዥ ሥራ ላይ መሆኑን፣ ፋብሪካው የራሱ ገጽና ሠራተኞች እንዳሉት፣ እሱም በቅርብ ጊዜ አንድ ነገር እንደጻፈ ወይም አስተያየት እንደሰጠ እዪ። ዓመት ሙሉ ገጹን ያልነካ ሰው ላይ ጊዜሽን አታጥፊ፤ ለሱ ኢሜይል ይሻላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኢስታንቡል አጠገብ ባለ የሃልቫ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የምትገዛ ሴት አገኘሽ እንበል። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጣሂኒ ቀለም መለዋወጥ ጽፋለች። ገና የግንኙነት ግብዣ አትላኪላት። መጀመሪያ ከጽሑፏ ሥር አንድ አስተያየት ስጪ፤ «ግሩም ጽሑፍ» ሳይሆን እሷ ከቢሮዋ ሆና የማታየውን። ለምሳሌ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ፣ ማለትም በነዶ ክምር፣ ቆሞ ሳለ ዝናብ ካገኘው ፍሬው እንደሚጠቁር፣ ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የመተማ ቆላ ዝናብ የዓመቱን ቀለም እንደሚወስን። ይህን የመተማ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለእሷ ግን አዲስ ወሬ ሊሆን ይችላል። ምርት በደረሰበት ወቅት በየሳምንቱ ከመጋዘን የምታነሺው የፍሬ ፎቶም ለዚሁ ይጠቅምሻል።

ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ ግብዣውን ላኪ። ነፃ አካውንት ላይ ማስታወሻ ያለው ግብዣ በወር ጥቂት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ርዝመቱም 200 ፊደል ነው፤ ከመረጥሻቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ውጭ አታባክኚው። በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ «ስለ ጣሂኒ ቀለም የጻፉትን አነበብኩ። ጎንደር በሚገኝ የሰሊጥ ማበጠሪያ እሠራለሁ፤ የዘንድሮውን ምርት ሁኔታ ከዚህ ላካፍልዎት እወዳለሁ።» ዋጋ የለም፣ የሚላክ ፋይልም የለም።

ስትቀበልሽ በዚያው ቀን ዋጋ አትላኪ። አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ፋብሪካችሁ የሚገዛው ከነልጣጩ ነው ወይስ የተላጠ? አሁን የምትጠቀሙት ከየት አገር ነው?» በዚህ መልስ ውስጥ ብቁ ገዥ መሆኗ ይታያል። እውነተኛ የፋብሪካ ገዥ ስለ ንጽሕና መቶኛ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ ሳልሞኔላ ምርመራ፣ ምርቱ የአምና ነው የዘንድሮ እያለች ትጠይቃለች። የሚያስፈልጋትንም በኮንቴነር ትናገራለች፤ አንድ ሃያ ጫማ ኮንቴነር 380 ጆንያ፣ ማለትም 19 ቶን ያህል ነው። ደላላው ግን ቶሎ ብሎ አምስት ሺህ ቶን ይልሻል፣ የፋብሪካው ስም ሲጠየቅ «በኋላ» ይላል፣ ከጥራት በፊት ስለ ኮሚሽን ይጀምራል። ብዛቱን፣ ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው፣ ናሙና ካለፈ በኋላ መቼ እንደሚገዙና የክፍያውን መንገድ ስታውቂ ያን ጊዜ ለአለቃሽ ታቀርቢያለሽ፤ ዋጋውን እሳቸው ይስጡ። ዋጋው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ያለ ቀን ገደብ የተላከ ዋጋ ድርጅቱን ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል።

ካልመለሰችልሽ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ አዲስ ነገር ይዘሽ አንዴ ብቻ ጻፊላት፣ ከዚያ ተዪ። የቆዩ ግብዣዎችንም ሰርዢ፤ አንዴ የሰረዝሽውን ሰው ሦስት ሳምንት ያህል እንደገና መጋበዝ ስለማይቻል ከመሰረዝሽ በፊት አስቢበት።

ውጤት ሲጠፋ ሁሉንም ነገር አትቀይሪ፤ የት እንደቆመ እዪ። ግብዣሽን የማይቀበሉት ከሆነ ስምሽ ሥር ያለውን መስመር ወይም የመረጥሻቸውን ሰዎች ፈትሺ። ተቀብለው ዝም ካሉ መልእክትሽ ነው ችግሩ። ተነጋግረው ዋጋ ላይ ሲደርሱ ከጠፉ መጠናቸውን ወይም የሚፈልጉትን ጥራት ቀድመሽ አልጠየቅሽም። ለዚህ አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ይበቃል፦ ስም፣ ፋብሪካ፣ ግብዣ የተላከበት ቀን፣ የመለሰው፣ ቀጣዩ እርምጃ። አንድ ወቅት እስኪያልፍ ሳትይዢው ለሥራው ትሆኚያለሽ አትሆኚም ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልሽም።

አንድ ነገር ግን ከአለቃሽ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሪ። ገዥዎቹ የሚመጡት በአንቺ የግል አካውንት ነው። ኮሚሽንሽ የሚታሰበው ገዥውን ስታስተዋውቂ ነው፣ ውል ሲፈረም ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? በዓመቱ ድጋሚ ሲገዛስ? በጽሑፍ ይሁንልሽ፣ ፊርማም ይኑርበት። ከሦስት መቶዎቹ ዝርዝር ላይ ደላሎቹን ለይተሽ አሥራ ሁለቱን ስታወጪ ላኪልኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልእክቶች አብረን እናያለን።