ለልብ ወለድ የትኛው ፎንት፣ በስንት ፖይንት?

«ጋሼ፣ ልብ ወለዴን ጨርሼ ማተሚያ ቤት ልሰጥ ነው። በኤ5 ገጽ፣ ፊደሉን 10.5 ፖይንት፣ የመስመር ክፍተቱን 13 አድርጌ 240 ገጽ ወጣ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን ዓይን ያደክማል አሉኝ። ችግሩ ፎንቱ ነው ወይስ መጠኑ? ከደሴ»

አብሽር ወንድምዓለም፣ በዋናነት ክፍተቱ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ስለሆኑ በመስመሮቹ መሃል አየር ይተዋሉ። የእኛ ፊደላት ግን ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፣ መስመሩ እንደ ግድግዳ ተገጥግጦ ይቆማል። ስለዚህ በ13 ሲታሰር አንባቢው መስመር ጨርሶ ሲመለስ ያነበበውን መስመር ደግሞ ያነባል። ፊደሉን 11፣ ክፍተቱን 16 አድርገው። ዎርድ ላይ ከሆንክ Line spacing ውስጥ Exactly ብለህ 16 ጻፍ። 1.5 ብለህ እንዳትተወው፣ አንዳንዱ ፎንት ራሱ ሰፊ ክፍተት ይዞ ስለሚመጣ ገጹ ይበታተንብሃል።

ፎንቱን ደግሞ ስክሪን ላይ አትምረጥ። ቢና ቤ፣ ሊና ሌ፣ ቲና ቴ የበዛበት አንድ አንቀጽ ጽፈህ አትም። ቤን ከቢ የምትለያት ያቺ ትንሽ ቀለበት ናት። ርካሽ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፣ ቀለበቷ ከተደፈነች «ቤት» የነበረው «ቢት» መስሎ ቁጭ ይላል። ፎንቱ ወፍራም ከሆነ ይሄ ቶሎ ይመጣል፤ እንደ ጋዜጣ ርዕስ የደመቁትን ለምዕራፍ ስም ተዋቸው። እኔ ብሆን Abyssinica SIL ን እመርጣለሁ፣ ነጻ ነው፣ ቅርጹም የብራና ጽሕፈት ለዛ አለው። Nyala ም አይከፋም፣ ግን በተመሳሳይ ቁጥር አነስ ብሎ ስለሚታይ ግማሽ ወይም አንድ ፖይንት ጨምርለት።

ገጹ ይበዛብኛል ትል ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ይበዛል። የኤ5 ቁመት 210 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይም ከታችም 20 ብትተው 170 ይቀርሃል። በ13 ክፍተት 37 መስመር ይገባ ነበር፣ በ16 ግን 30። ፊደሉም ትንሽ ስለሰፋ 240 የነበረው ወደ 310 ይጠጋል። ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ ወረቀቱን 16 16 ገጽ እያደረገ ስለሚያጥፍ 320 ልክ 20 እጥፍ ይሆንልሃል፣ የርዕስና የመታሰቢያ ገጾችህም እዚያው ይገባሉ። ገጽ መቀነስ የግድ ከሆነ ከፊደሉ በፊት የምዕራፎቹን ባዶ ገጽ ቀንስ። ከውስጥ በኩል ያለውን ህዳግ ግን እንዳትነካ፣ መጽሐፉ ሲታሰር ጽሑፉ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል።

ከመስጠትህ በፊት ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሁለት ገጾች መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አትምና በልኩ ቁረጥ። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ማታ በአምፖል ስጠውና ጮክ ብሎ ያንብብልህ። መስመር ከሳተ ክፍተቱን ወደ 16.5 ከፍ አድርግ። ቃል ላይ እየተደናቀፈ ከሆነ ግን ፊደሉን ነው ማሳደግ ያለብህ።