እንቁላል ረሃብን ያስታግሳል፣ መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ግን ይታሰብበት

«ቁርስ እንቁላል ስበላ እስከ ምሳ አይርበኝም። ዳቦ በሻይ ስበላ ግን 4 ሰዓት ላይ ሆዴ ይጮኻል። ለምንድነው? ክብደት ለመቀነስስ ይሆነኛል?»

እህቴ፣ ዋናው ምክንያት ፕሮቲኑ ነው። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን አንጀት ሲደርስ ጥጋብን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሆርሞኖች ይወጣሉ። አስኳሉ ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ ግን ቶሎ ይፈጫል፣ ቶሎም ያልቃል።

ክብደቱን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ለአንድ ወር በየቀኑ እንቁላል በላሁ። እውነትም ረሃቡ ጠፋልኝ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ገባኝ። 3 እንቁላል 210 ካሎሪ ገደማ ነው። ችግሩ ዘይቱ ነበር። ሳልለካ ነበር የማፈሰው፤ አንድ ቀን በሾርባ ማንኪያ ስለካው 2 ማንኪያ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ ዘይቱ ከእንቁላሉ በልጦ ነበር! 2 ቁራጭ ዳቦ ሲጨመርበት ቁርሴ 600 አለፈ።

ከዚያ ወደ 2 ቅቅል እንቁላል፣ 1 ቁራጭ ዳቦና አንድ ቲማቲም ዞርኩ። ይሄ 240 አካባቢ ነው፤ እኔን እስከ ምሳ ያቆየኛል። ቅቅል የሚሰለችሽ ከሆነ በማይዝ መጥበሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች ለ8 ሳምንት ተከፍለው፣ ገሚሱ ቁርስ 2 እንቁላል፣ ገሚሱ እኩል ካሎሪ ያለው ዳቦ በሉ። የቀኑን ምግብ ከቀነሱት መካከል እንቁላል የበሉት ዳቦ ከበሉት በ65 በመቶ የበለጠ ክብደት ቀነሱ። ምግባቸውን ካልቀነሱት ዘንድ ግን በእንቁላልና በዳቦ መካከል ልዩነት አልታየም። እንቁላል በራሱ ስብ አያቃጥልም ማለት ነው። የሚጠቅመው ረሃቡን ይዞልሽ ምሳና መክሰስ ላይ ትንሽ እንድትበዪ ስለሚያደርግ ነው። ቁርሱን በልተሽ ምሳሽ እንደ ድሮው ከሆነ ሚዛኑ አይወርድም።

ነጩን ብቻ ብሉ የሚሉ አሉ። ካሎሪው በእርግጥ ይቀንሳል፤ አንዱ ነጭ 17 ገደማ ነው። ግን ፕሮቲኑም ወደ 3.6 ግራም ይወርዳል፣ እኔ ስሞክረው ቶሎ ራበኝ። አንድ ሙሉ እንቁላል ከ2 ነጭ ጋር መምታት ይሻላል። ስኳር በሽታ ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ካለብሽ ግን በሳምንት ስንት አስኳል እንደሚፈቀድልሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ለ2 ሳምንት ሞክሪውና 4 ሰዓት ላይ የሚሰማሽን ጻፊ። አሁንም ከራበሽ ዳቦውን አትጨምሪ፤ ሦስተኛ እንቁላል ወይም አትክልት ጨምሪበት።