ስድሳ ስሞላ ምን መብት አለኝ? የደብረ ብርሃንና አካባቢው ሠራተኞች ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪው፣ እዚህ ሁሉም «ጋሼ መዝገብ» የሚላቸው፣ በደብረ ብርሃን በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ በሰው ሀብት አስተዳደር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ጋሼ መዝገብ፦ ዛሬ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ ጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። ስትጠይቁ የመንግሥት ሠራተኛ ናችሁ ወይስ የግል ድርጅት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀጠራችሁ፣ ስትቀጠሩ በሞላችሁት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ስንት ነው? እነዚህን ሳትነግሩኝ «መብቴ ምንድን ነው» ብትሉኝ መልስ የለኝም።

የሰላድንጋይ መምህር፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ዐዋጁ ከስድሳ በኋላ አሥር ዓመት መሥራት ይቻላል ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። መብታችን ከሆነ ለምን ያስወጡናል?

ጋሼ መዝገብ፦ ግማሹን ሰምተሃል። እኔ ስሠራበት በኖርሁት የፌዴራል ዐዋጅ አገልግሎት በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት፣ በጠቅላላው ከአሥር ዓመት ሳይበልጥ ሊራዘም ይችላል። «ሊራዘም ይችላል» ማለት ግን ሠራተኛው ይጠይቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ይፈቅዳል ወይም አይፈቅድም ማለት ነው። የሚፈቅደውም ሙያህ ለሥራው እጅግ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በዕድገትም በዝውውርም በቅጥርም የሚተካህ ሲጠፋ፣ ሐኪም ለሥራ ብቁ ነው ሲል፣ አንተም ስትስማማ ነው። ከዚያ በላይ የሚያጸድቅ አካል አለ። አንዱ ከጎደለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

መብት የምትለው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ሲቀር በጽሑፍ ሊነገርህ ይገባል። አገልግሎትህ የሚያበቃውም ስድሳ በሞላህበት ወር የመጨረሻ ቀን እንጂ አለቃህ በፈለገው ማክሰኞ አይደለም። እናንተ መምህራን በክልሉ ዐዋጅ ስለምትተዳደሩ የማራዘሙን ዝርዝር ከወረዳችሁ ሲቪል ሰርቪስ ጠይቁ። የማራዘም ማመልከቻህን በገቢ መዝገብ አስመዝግብ፤ ቁጥሩን ያዝ። በቃል «እናየዋለን» የተባለ ነገር አልተጠየቀም ማለት ነው።

ጣርማ በር፦ እኔ ስቀጠር ዕድሜዬን ጨምሬ ነበር የጻፍሁት። የክርስትና ካርዴም ፋይዳዬም ትክክለኛውን ይላሉ። አሁን ማስተካከል ይቻላል?

ጋሼ መዝገብ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ በሥራ ዘመኔ ካለቀሱብኝ ሰዎች የሚበዙት የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ናቸው።

አንድ ባልደረባ ነበረን፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛ። በ1979 ዓ.ም. ሲቀጠር ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። «ልጅ ነህ» እንዳይሉት ፈርቶ የትውልድ ዘመኑን 1958 ብሎ አጻፈ፤ እውነተኛው 1961 ነበር። ቅጹን የሞላችለት ጸሐፊ በሰማያዊ ቀለም ጽፋዋለች፤ ከሥሩ የእሱ ፊርማ አለ፤ ያኔ ገና ፊርማ ስላልለመደ ስሙን በሙሉ ነው የጻፈው። የጡረታ ማስታወቂያው ሲደርሰው የክርስትና ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሦስት ሽማግሌ ምስክር ይዞ መጣ። ምንም አልተለወጠም። ለጡረታ የሚታየው ዕድሜ መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበው ነው። ከዚያ በኋላ የወጣ መታወቂያ ፋይዳም ቢሆን ያንን ቅጽ አይሽረውም። ሕጉ እንዲህ ጥብቅ የሆነው ሁሉም ስድሳ ሲቃረብ ልደቱን እያቀረበ ስለሚመጣ ነው፤ እኔም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ገና ሃምሳ ላይ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ግል ማኅደራችሁን አስከፍቱ። የመጀመሪያውን ቅጽ እዩ፤ ፎቶ ኮፒውን በማኅተም ያዙ። ስድሳ መቼ እንደሚሞላችሁ የሚነግራችሁ እናታችሁ አይደለችም፤ ያ ወረቀት ነው።

የሞላሌ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ በዲግሪ ተመርቄ አራት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ስድሳ የሞላው ሰው ሁሉ ካልወጣሁ ካለ እኛ መቼ ነው የምንገባው?

የሸዋ ሮቢት ነርስ፦ የእኔ ወንድም፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ያደርሁበት ወንበር ነው። በእኔ ቦታ የሚመጣው ልጅ ማዋለጃ ክፍል ብቻውን ቢቆም ምን እንደሚፈጠር አንተ አታውቅም።

የሞላሌ ልጅ፦ እትዬ፣ ማንም እኮ ከእናቱ ማኅፀን አዋላጅ ሆኖ አይወለድም። ካልገባ እንዴት ይለምዳል?

የሸዋ ሮቢት ነርስ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን አብሮኝ ሁለት ዓመት ይሥራ እንጂ እኔ በወጣሁ ማግስት አይግባ።

ጋሼ መዝገብ፦ ሁለታችሁም እዚህ ለጠብ አልመጣችሁም። ለእኔ ማራዘም ተተኪ ሲጠፋ ብቻ ነው። ተተኪ በር ላይ ቆሞ እያለ የሚራዘምለት ሰው አይቻለሁ፤ ያ ወዳጅነት ነው። ወደ ጥያቄ።

የሸዋ ሮቢት ነርስ፦ እኔው ልጠይቅ። ሁለት ዓመት ቢራዘምልኝ ጡረታዬ ላይ ምን ይጨምራል? ሰው «ምንም» ይለኛል።

ጋሼ መዝገብ፦ ጥሩ ጥያቄ። «ምንም» የሚለው ሰው ያየው መቶኛውን ብቻ ነው። ለአሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ 70 በመቶ ላይ ይቆማል። ጣሪያው የሚነካው አርባ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ብትጨምሪ 2.5 በመቶ ብቻ ታገኛለሽ። ትንሽ ነው።

ነገር ግን መቶኛው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። በ2017 እና በ2018 ደመወዝ እንደተጨመረ ታውቂያለሽ። ቁጥሩን ላቅልለውና፣ ከሠላሳ ስድስቱ ወር ሃያ አራቱን በ9,000 ብር፣ አሥራ ሁለቱን በ15,000 ብር ሠርተሽ ከወጣሽ አማካይሽ 11,000 ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት መቶኛሽ 53.75፣ ጡረታሽ 5,912.50 ብር ይሆናል። በዚሁ በ15,000 ሁለት ዓመት ብትጨምሪ ግን ሠላሳ ስድስቱም ወር በአዲሱ ደመወዝ ይሞላል። መቶኛው 56.25 ሆኖ በ15,000 ሲሰላ 8,437.50 ብር ይመጣል። ልዩነቱ ከ2,500 ብር በላይ ነው፤ አብዛኛውን ያመጣውም አሮጌው ደመወዝ ከአማካዩ መውጣቱ እንጂ መቶኛው አይደለም።

ታዲያ ይህ የሚሆነው የማራዘሙ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከመጦሪያ ቀንሽ በፊት ሲወጣ ነው። ያለ ፈቃድ ወንበር ላይ የቆየሽበት ጊዜ ለጡረታ አይቆጠርልሽም። «ግቢና ሥሪ፣ ደብዳቤው ይደርሳል» ቢሉሽ አትግቢ። ገቢ መዝገብ፣ ቁጥር፣ ቀን።

አንኮበር፦ ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት ብቀጠር ጡረታዬ ይቆማል?

ጋሼ መዝገብ፦ ከመፈረምህ በፊት የማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ሄደህ ውሉን አሳያቸው፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

ጥበቃ ነኝ፦ እኔ በአንድ የግል ፋብሪካ ጥበቃ ነኝ። ስድሳ ሁለት ሞልቶኛል። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጡረታ ተቆርጦልኝ አያውቅም። ፈቃድ ስጠይቅ «አንተ እኮ ጡረተኛ ነህ፣ በቸርነት ነው ያስቀመጥንህ» ይሉኛል። የኔ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም።

ጋሼ መዝገብ፦ በደንብ ይገናኛል፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝም የአንተ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ፣ በ1156/2011፣ ሠራተኛ በጡረታ ሲገለል ውሉ በሕግ ይቋረጣል። ግን ከስድሳ በላይ የሆነ ሰው ሠራተኛ ሊሆን አይችልም የሚል አንቀጽ የለም። በር ላይ አቁመው በየወሩ ከከፈሉህ ሠራተኛ ነህ። የዓመት ዕረፍት ይገባሃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ቸርነት የሚባል ውል የለም።

ሌላው ጡረታ ያልተቆረጠልህ ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከ2003 ጀምሮ አለ። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ ካንተ 7 በመቶ ሊከፍል ግዴታ ነበረበት፤ አልከፈለም ማለት ግዴታው ቀረለት ማለት አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ማኅበራዊ ዋስትና የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ሄደህ ተናገር።

ጡረታም ፕሮቪደንት ፈንድም የሌለው ሰው በመጦሪያ ዕድሜ ሲሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ደመወዝህ 6,000 ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪው ስምንት ዓመት በየዓመቱ ሲሶው 2,000፤ በጠቅላላው 22,000 ብር። ከተሰናበትህ ግን ከስድስት ወር በላይ አትቆይ፤ ይርጋ ያግድሃል።

የሰላድንጋይ መምህር፦ ጋሼ፣ አሁን ስድሳ ሁለት ላይ ቢያስወጡት ያለ ማስጠንቀቂያ ማስወጣት ይችላሉ? ስድሳ ሲሞላ ውሉ በሕግ ተቋርጧል ካልን አሁን ያለው ምን ውል ነው?

ጋሼ መዝገብ፦ ስድሳ ሲሞላ ሳያሰናብቱ ካስቀጠሉት አዲስ ውል ገብተዋል፤ እሱን ለማቋረጥም ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋቸዋል የሚል ነው የእኔ አቋም። አሠሪዎች ግን «ያኔም አልቆ ነበር» እያሉ ይከራከራሉ። ለዚህ ነው በየወሩ የተቀበለበትን ደረሰኝና የፈረመበትን ዝርዝር ያስቀምጥ የምለው።

ጥበቃ ነኝ፦ ደረሰኝ አይሰጡንም፤ ስማችን ጎን እንፈርማለን።

ጋሼ መዝገብ፦ በባንክ ነው የሚከፍሉህ ወይስ በእጅ?

ጥበቃ ነኝ፦ ከአምና ጀምሮ በባንክ።

ጋሼ መዝገብ፦ ነገ ከባንኩ የሂሳብ መግለጫ አውጣ።

አንኮበር፦ ጋሼ፣ ስድሳ ሲሞላኝ መብቴ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ ነበር።

ጋሼ መዝገብ፦ ከላይ አንብብ።

ጣርማ በር፦ ጋሼ፣ ከሰዓት ማኅደሬን አስከፍቼ መጣሁ። ቅጹ ላይ የትውልድ ዘመን ቦታው ባዶ ነው። ጎኑ ላይ «ዕድሜ 22» ብቻ ተጽፏል።

ጋሼ መዝገብ፦ እንዲያ ከሆነ ሁሉም ነገር ቅጹ በተፈረመበት ቀን ላይ ቆመ ማለት ነው። ቀኑ ይታያል?

ጣርማ በር፦ ዓመቱ 1982 ነው። ወሩ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

ጋሼ መዝገብ፦ የቅጥር ደብዳቤህን ቀን ፈልግና ተመልሰህ ንገረኝ። ማኅተሙን በጥፍርህ እንዳትፍቀው።