ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ፣ ቀብድ ከመላክሽ በፊት

«ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል ሳምሰንግ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሱቃችን አዲስ አበባ ነው፣ ቀብድ ከላክሽ በመኪና ድሬ ድረስ እናደርሳለን ይላሉ። ውሸት መሆኑን በምን ልወቅ? ከፍዬ ቢጠፉስ ምን አደርጋለሁ?»

እህቴ፣ ገና ካልከፈልሽ ባለሽበት ቁሚ። እኔ እዚሁ ድሬ ታይዋን ስልክ እሸጣለሁ፣ ስለዚህ ከዋጋው ልጀምር። አዲስ የታሸገ ስልክ ላይ ለቸርቻሪ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከጎረቤት ሱቅ ትንሽ ልንቀንስልሽ እንችላለን፣ ግማሹን ግን ማን ይቀንሳል አቦ? በዚያ ዋጋ የሚቀርብልሽ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ቀብድ አስቀድመሽ ላኪ ካሉሽ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው፣ ስልኩ የለም።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ከፍላ ከጨረሰች በኋላ እንዲህ ያለ ቻናል አሳየችኝ። አባላቱ ከ40,000 በላይ ናቸው። ከእያንዳንዱ ፖስት ስር ያለችውን የዓይን ምልክት ስታዪ ግን ተመልካቹ 300 አይሞላም። አባላት በገንዘብ ይገዛሉ። ወደ ላይ እየሳብን እስከ መጀመሪያው ስንሄድ ቻናሉ ድሮ የኳስ ወሬ ነበር፣ ስሙ የተቀየረበት መልእክት ራሱ እዚያው ቁጭ ብሏል (አንዳንዶቹ ይሰርዙታል፣ ስለዚህ አለመኖሩ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም)። ኮሜንት ዝግ ነው። «ስልኩ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚሉ የደንበኞች ስክሪንሾት ለጥፈዋል፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ተብሎ የሦስቱም ባትሪ 43 ፐርሰንት ነው! የስልኩንም ፎቶ ጉግል ሌንስ ላይ ስንከተው ከሌላ አገር መሸጫ ገጽ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ።

አንቺም ይህን ሁሉ ካየሽ በኋላ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ስልኩን ከፍተው *#06# ሲደውሉና የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ሲመሳሰል፣ ስምሽና የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሳይቆረጥ በቪዲዮ ይላኩልሽ። ስልኩ የሌለው ሰው ወይ ይቆጣል፣ ወይ «ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው» ብሎ ያጣድፍሻል። ቪዲዮ ቢልኩም ግን አንድ ስልክ እጃቸው ላይ አለ ማለት ብቻ ነው፣ ለአንቺ ይልኩታል ማለት አይደለም። ለዚህ መፍትሔው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሱቁ ድረስ ሄዶ አይቶ ይክፈልልሽ፣ ካልሆነም ዕቃው እጅሽ ሲገባ ትከፍያለሽ። ሁለቱንም እምቢ ካሉ ተያቸው።

የሚቀበለው አካውንት ስምም ይታይ። ማስተላለፊያው ላይ ቁጥሩን ስታስገቢ ስም ይመጣል። የሱቁ ስም ሌላ፣ የሚመጣው የማይታወቅ ግለሰብ ከሆነ፣ «የሒሳብ ሠራተኛችን ነው» ይሉሻል። አትቀበዪው።

አሁን ከፍለሽ ከሆነ። ያቺ ደንበኛዬ ቀብዱን 11,000 ብር ላከች፣ በማግስቱ «ዕቃው ኬላ ላይ ተይዟል፣ 4,500 ጨምሪ፣ ይመለስልሻል» አሏት። ሁለተኛው ክፍያ የመጀመሪያውን አያስመልስም፣ አንድም ሳንቲም እንዳትጨምሪ። ግን ወዲያው አትሳደቢ፣ ብሎክም አታድርጊ። ቴሌግራም ላይ እነሱ ውይይቱን ከአንቺም ስልክ ጭምር ሊያጠፉት ይችላሉ። መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሺ፣ ውይይቱን፣ የቻናሉን ሊንክ፣ የላኩልሽን አካውንት ቁጥርና ስም፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ከነግብይት ቁጥሩ።

ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ከፈልሽበት ባንክ ወይም ቴሌብር ደውዪ፣ ቅርንጫፍ ቅርብ ከሆነም ሂጂ። ተታልዬ ነው የላኩት፣ የተቀባዩ ሒሳብ ይታገድልኝ በይ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽውን ባንኩ በራሱ ሥልጣን ከሌላ ሰው ሒሳብ ቆርጦ አይመልስም። ስለዚህ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ፣ ፖሊስ ለባንኩ በደብዳቤ ይጠይቃል። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። «እኛን አይመለከትም» የሚልሽ ካለ እነዚህን ጥቀሺ። ደንበኛዬ ሦስተኛ ቀን ነው የሄደችው። በዚያ ጊዜ ብሩ ወጥቶ ነበር፣ ሒሳቡም በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ገንዘቡን የሚያወጡት ቶሎ ነው፣ ለዚህ ነው ሰዓቱ ላይ የማጠብቀው።

ቻናሉንም ቴሌግራም ላይ @notoscam ብለሽ ሪፖርት አድርጊው።

ከሁሉ የምፈራልሽ ደግሞ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ናቸው። እዚህ ግሩፕ ላይ «ተበላሁ» ብለሽ ከጻፍሽ በውስጥ መስመር «ብርሽን አስመልስልሻለሁ፣ ለሥራ 1,500 ላኪ» የሚሉሽ ይኖራሉ፣ ከባንክ ነን ብለው ፒንሽን ወይም በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ የሚጠይቁም አሉ። ማንም እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ያንን አይጠይቅሽም።

የቻናሉን ሊንክ እዚሁ ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ።