ዌበር ቮልት አይደለም፦ ኢንዳክሽን ለከበደው የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በኢንዳክሽን ምዕራፍ ፈተና ከ20 ያገኘሁት 6 ነው። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ማግኔቲክ ፊልዱ ውስጥ ሲገባ ኢኤምኤፉ ዜሮ ይሆናል መባሉ ግን አልገባኝም። የፈተና ወረቀቴን ልኬልዎታለሁ። የትምህርት ምርጫዬን ልቀይር ይሆን?»

ውድ ተማሪዬ፣

ወረቀትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከተሳሳትካቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተበላሹት በአንድ ምክንያት ስለሆነ፣ ስለ ምርጫህ ከመነጋገራችን በፊት እሱን እንመልከት። በአራተኛው ጥያቄ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ዙር አራት ማዕዘን ሽቦ፣ 0.5 ቴስላ ጥንካሬ ወዳለውና ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ወደሆነ ወጥ ማግኔቲክ ፊልድ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ይገባል። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ ያለውን ኢኤምኤፍ፣ ማለትም በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ፣ ስትጠየቅ 0.5ን በ0.01 ካሬ ሜትር አባዝተህ «0.005 ቮልት» ብለህ ጽፈሃል። ብዜቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያገኘኸው ፍላክሱን፣ ማለትም በሽቦው መካከል የሚያልፈውን የማግኔቲክ ፊልድ መጠን፣ ነው፤ አሃዱም ቮልት ሳይሆን ዌበር ነው። አንድ ዌበር ደግሞ አንድ ቮልት በአንድ ሰከንድ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከዌበር ወደ ቮልት ለመድረስ የግድ ለሰከንድ ማካፈል አለብህ፤ በወረቀትህ ላይ ግን በዚህ ጥያቄ ሥር ጊዜ የሚባል ነገር አንድም ቦታ አልተጻፈም። ወደፊት ራስህን የምትፈትሽበት ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፦ ጊዜ ሳይገባበት ከፍላክስ በቀጥታ ወደ ቮልት ከተሻገርክ ተሳስተሃል።

አሁን ያንኑ ሽቦ በዝግታ እንከተለው። የፊተኛው ጎን የፊልዱን ጠርዝ ካለፈበት ቅጽበት ጀምሮ ሽቦው ሙሉ በሙሉ እስኪገባ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም 0.05 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍላክሱ ከዜሮ ተነሥቶ 0.005 ዌበር ይደርሳል፤ 0.005ን ለ0.05 ስታካፍል 0.1 ቮልት ታገኛለህ። ከዚያ በኋላ ሽቦው የፊተኛው ጎኑ ወደ ማዶው ጠርዝ እስኪደርስ ድረስ ለ0.1 ሰከንድ ያህል በፊልዱ ውስጥ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ፍላክሱ ከፍተኛው መጠን ላይ ነው፤ ነገር ግን አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ ኢኤምኤፉ ዜሮ ነው። ሲወጣ ፍላክሱ በ0.05 ሰከንድ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ እንደገና 0.1 ቮልት ይፈጠራል፤ አቅጣጫው ግን የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው።

«ሽቦው እየተንቀሳቀሰ እንዴት ዜሮ ይሆናል?» ብለህ በኅዳጉ ላይ የጻፍከው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከመልሶችህ ሁሉ እሱን ወደድኩት። በፊልዱ ውስጥ ሳለ የፊተኛውም የኋለኛውም ጎን እያንዳንዳቸው 0.1 ቮልት ይፈጥራሉ። ነገር ግን ሽቦውን ዙሪያውን ስትከተለው አንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው ይገፋል፤ ፊት ለፊት እንደተጋጠሙ ሁለት እኩል ባትሪዎች ይጣፋሉ። ሲገባ ግን ፊልዱ ውስጥ ያለው የፊተኛው ጎን ብቻ ስለሆነ የሚያጣፋው የለም። ይህ የሚሠራው ፊልዱ ወጥ ሲሆን ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ የሚለያይ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ጎኖች ግፊት እኩል ስለማይሆን፣ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ውስጥ ሆኖም ኢኤምኤፍ ይኖረው ነበር።

ፍላክስን በሮቶ ውስጥ እንዳለ ውኃ፣ ኢኤምኤፍን ደግሞ የውኃው ከፍታ እንደሚለዋወጥበት ፍጥነት አድርገህ ማሰብ ትችላለህ። ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ ውኃ ካልገባበትና ካልወጣበት የለውጡ ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ብቻ ኖሮት በኃይል እየተሞላ ያለ ሮቶ ግን ትልቅ የለውጥ ፍጥነት አለው። ምሳሌው የሚያዋጣህ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ሮቶ ከባዶ በታች አይወርድም፣ ፍላክስ ግን ኮይሉ ሲገለበጥ ዜሮን አልፎ ኔጌቲቭ ይሆናል።

አንተን ያሳሳተህ ነገር ከአንተ በፊት ጎበዝ ተመራማሪዎችንም አሳስቷል። በ1825 ዣን ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ሰው ማግኔት ወደ ኮይል እያስገባ ኤሌክትሪክ ለማግኘት ሞከረ። ማግኔቱ መለኪያውን በቀጥታ እንዳይነካበት ሲል ጋልቫኖሜትሩን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ማግኔቱን አስገብቶ መርፌውን ለማየት ወደዚያ ክፍል ሲሄድ ሁልጊዜ የሚያገኘው በዜሮ ላይ የቆመ መርፌ ነበር፤ መርፌው ተንቀሳቅሶ የተመለሰው እሱ በመንገድ ላይ ሳለ ነው። ማይክል ፋራዴይ ነሐሴ 1831 በለንደን በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ኮይሎች ጠምጥሞ ሲሞክር ግን መርፌው ባትሪው በተገናኘበትና በተቋረጠበት ቅጽበት ብቻ እንደሚዘል አስተዋለ። እኔም ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ባትሪውን አገናኝቼ ካበቃሁ በኋላ ተማሪዎቹን «ኑ እዩ» ብዬ ጠርቼ አፍሬ አውቃለሁና፣ በኮላዶን አልስቅበትም።

ይህ ከሙያው ጋር ያለውን ግንኙነት በትራንስፎርመር ላይ ታየዋለህ። በ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መስመር ላይ የሚሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር የመጀመሪያው ጥቅል ሬዚስታንሱ 50 ኦም ነው እንበል። በተለዋዋጭ ከረንት ሲሠራ፣ ሳያቋርጥ የሚለዋወጠው ፍላክስ በራሱ በጥቅሉ ውስጥ ወደ 220 ቮልት የሚጠጋ ተቃራኒ ኢኤምኤፍ ስለሚፈጥር የሚያልፈው ከረንት አነስተኛ ነው። ያንኑ ጥቅል 220 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ላይ ብታገናኘው ፍላክሱ ከአፍታ በኋላ ይረጋና ተቃራኒው ኢኤምኤፍ ይጠፋል፤ ከረንቱን የሚገታው ሽቦው ብቻ ይሆንና 4.4 አምፔር፣ ማለትም ወደ 970 ዋት ሙቀት፣ ጡጫ በሚያህል ዕቃ ውስጥ ይፈጠራል። በሁለተኛው ጥቅል ዜሮ ቮልት እየተነበበ የመጀመሪያው ይቃጠላል። ፍላክስ ራሱ ቮልት የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ይህን ያለ አደጋ ማየት ከፈለግህ፣ ከመስመር የተለየ፣ ከ220 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ አሮጌ ትራንስፎርመር ፈልገህ በ220ው በኩል አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ በ12ቱ በኩል ባለ መርፌ መልቲሜትር አገናኝ። ቁጥር የሚያሳየው መልቲሜትር ዝግ ስለሚል ቅጽበቱን ሊያመልጠው ይችላል። ስታገናኝ መርፌው ወደ አንድ ጎን ይዘላል፤ እንደተገናኘ ሲቆይ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስታቋርጥ ወደ ሌላው ጎን ይዘላል። ፍላክሱ በድንገት ስለሚጠፋ በማቋረጡ ቅጽበት የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከድንጋዩ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና የሽቦውን ራቁት ጫፎች በጣትህ አትያዝ።

ምርጫህን በአንድ ምዕራፍ ውጤት አትወስን። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የማሽኖች ኮርስ ውስጥ ግን በጄኔሬተርም ሆነ በሞተር ላይ የምትሠራው በዚሁ ሐሳብ ስለሆነ፣ ቀመሩን በቃል መያዝ እዚያ አያደርስህም። አሁን አራተኛውን ጥያቄ እንደገና ሥራ፤ መጀመሪያ ፍላክሱን ከጊዜ ጋር በግራፍ ሣል፣ ከሥሩ ደግሞ የዚያን ግራፍ ስሎፕ ሣል፤ ሁለተኛው ግራፍ ኢኤምኤፉ ነው፣ ምልክቱ ብቻ ይገለበጣል። ቀጥለህ በወጥ ፊልድ ውስጥ በእኩል ፍጥነት ለሚሽከረከር ኮይል ተመሳሳዩን አድርግ፤ ፍላክሱ ዜሮ በሆነበት ቅጽበት ኢኤምኤፉ ለምን ከፍተኛ እንደሚሆን ግራፉን እያየህ በራስህ አባባል ጽፈህ ላክልኝ። ይህን መሥራት ደስ ካሰኘህ ወይም እንቅልፍ ከነሳህ የምርጫህን ነገር በዚያን ጊዜ እንነጋገራለን።

መምህርህ