ስትራንዱ በሚቆረጥበት ቀን የቢሙን ጫፍ እዩልኝ

ልጆቼ፣ ወጣት እያለሁ ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ስንጥቅ ልንገራችሁ። ቢሞቹ ገና ምንም ጭነት አልተሸከሙም፣ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ተወጥሮ የነበረው የብረት ገመድ፣ ስትራንዱ፣ ከተቆረጠ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ከጫፋቸው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ግን ላያቸው ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ወጥቷል። ውሃ ረጨንበት፤ ሌላው ሲደርቅ መስመሩ ጠቁሮ ቀረ። የመሃሉን ስትረስ ብቻ ነበር ያሰላነው።

እንዲህ ያለ ቢም እንውሰድ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከወገቡ 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የተቀመጡ 8 ስትራንዶች ልክ እንደተቆረጡ በድምሩ 900 ኪሎ ኒውተን ይዘዋል። ይህ ኃይል ብቻውን ታችኛውን ገጽ በ14 ሜጋ ፓስካል ይጨምቃል፣ ላይኛውን በ4 ይጎትታል። መሃል ላይ የቢሙ የራሱ ክብደት 3.1 ያህሉን ስለሚያጠፋው የሚቀረው 0.9 ነው፣ ሰላም ነው። ጫፉ አካባቢ ግን ክብደቱ ገና ጉልበት የለውም። ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር ስትራንድ ሙሉ ኃይሉን ለኮንክሪቱ የሚያስረክበው የራሱን ውፍረት 60 ጊዜ ያህል ከተጓዘ በኋላ ስለሆነ፣ ክፉው ቦታ ያ 80 ሴንቲ ሜትሩ ነው። እዚያ ክብደቱ የሚያግዘው 0.9 ብቻ ነውና 3.1 መጎተት ይቀራል። የሲሊንደር ጥንካሬው 25 ሜጋ ፓስካል የደረሰ ኮንክሪት በአማካይ የሚችለው መጎተት 2.6 ያህል ነው። ይሰነጠቃል።

ታዲያ ስትራንድ እንቀንስ? እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ግን ኮንክሪቱ እየደረቀ ያጥራል፣ በጭነት ስር ቀስ እያለ ይታመቃል፣ ብረቱም ይላላል። በዚህ ሁሉ 20 በመቶ ጠፋ እንበል፣ 900ው 720 ይሆናል። የታችኛው መጨመቅ ከ14 ወደ 11.2 ይወርዳል። የራሱ ክብደትና በየሜትሩ 14 ኪሎ ኒውተን የሚያርፍበት ጭነት ግን 12.8 ይበላሉ። ኪሳራውን የረሳ ሰው 1.2 መጨመቅ ተረፈኝ ይላል፤ እውነቱ 1.6 መጎተት ነው። ስትራንድ ከቀነስን ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ከ8ቱ ሁለቱን ከየጫፉ 2 ሜትር በፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኖ ኮንክሪቱን እንዳይዙ ማድረግ ነው። ጫፉ ላይ መጎተቱ ወደ 2.1 ይወርዳል፣ መሃሉ አይነካም። ቱቦው ካለቀ 80 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ግን እንደገና አስሉ። እዚያ የራሱ ክብደት 2.5 ስለሚያግዝ 1.5 ብቻ ይቀራል።

ደሴ ላይ የምትሠሩ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ አትርሱ። የኮምቦልቻን የቀን ቆጠራ ይዛችሁ አትቁረጡ። ጥንካሬውን የምትለኩበትን የኮንክሪት ናሙና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ካስቀመጣችሁት ከቢሙ ቀድሞ ይጠነክራልና ያታልላችኋል፤ ከቢሙ ጎን፣ በዚያው ሸራ ስር ይደር። ጥንካሬው 20 ላይ ከቆመ ኮንክሪቱ የሚችለው መጎተት 2.2 ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ 2.1 ልትጭኑበት ነው። መቁረጫውን አስቀምጡና ሸራውን መልሱ፣ ነገ ሌላ ናሙና ስበሩ።