የ«ባ» ሆድ የት ገባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጅዳ ነው። አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያልኩ 28ቱንም የአረብኛ ፊደል በቃሌ ይዣለሁ። በር ላይ ወይም መንገድ ላይ የተጻፈ ነገር ሳይ ግን አንዱንም አላውቀውም። ተያይዘው መልካቸው ይጠፋብኛል። ለእያንዳንዱ ፊደል የመነሻ፣ የመካከል፣ የመጨረሻ እያልኩ አራት አራት መልክ መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም፣ እህቴ። 28 በአራት 112 ነው። ያን ሁሉ ለመሸምደድ ከሞከርሽ ሳምንት ሳይሞላሽ ትተዪዋለሽ።

መጀመሪያ አንድ የራሳችንን ልማድ ልንገርሽ። እኛ በፊደላችን ስናድግ መልክ ተለወጠ ማለት ድምፅ ተለወጠ ማለት ነው። «ለ» ጎኑ ላይ ቅጥል ሲጨመርበት «ሉ» ይሆናል። ስለዚህ ዓይናችን የተለወጠ ፊደል ሲያይ ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። አረብኛ ላይ ይሄ አይሠራም። «ባ» መልኳ ቢለወጥም ድምፅዋ ያው «ብ» ነው። የተለወጠው መልክ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጎኗ የተያያዘ ጎረቤት መኖር አለመኖሩን።

ባን ብቻዋን ስትቆም እያት፦ ب። ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለ ሆድ አላት፣ ከሥሯ አንድ ነጥብ። አሁን ከኋላዋ ሌላ ፊደል ሊመጣ ነው እንበል። አጻጻፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ የሚመጣው በግራዋ ነው። ሳህኑ ቦታውን ስለያዘበት ይቆረጣል። የሚቀረው አንዲት ትንሽ ጥርስና ነጥቧ ነው፦ بـ። ሳህኑ ጅራት ነበር ማለት ነው። ጥርሷና ነጥቧ ናቸው ራሷ ባ።

ሕጉም ይኸው ነው። በግራው ጎረቤት የያዘ ፊደል ጅራቱ ይቆረጣል። በግራው ማንም ካልያዘው ጅራቱን ይዘረጋል። ቀኙ ላይ ጎረቤት ካለው ደግሞ አንዲት ማያያዣ መስመር ትጨመርለታለች፤ ሌላ ለውጥ የለም። አራት መልክ የሚባለው ለአብዛኞቹ ፊደላት አጭርና ረጅም፣ ሁለት መልክ ነው።

ቃል ይዘን እንየው፦ بيت። «በይት» ይባላል፣ የእኛው ቤት ነው። ከቀኝ ጀምሪ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ከታች አንድ ነጥብ አላት፣ ባ። ሁለተኛዋ ጥርስ ከታች ሁለት ነጥብ አላት፣ ያ። መጨረሻ ላይ ሳህኑ ተዘርግቷል፣ ከላይ ሁለት ነጥብ፣ ታ።

አሁን መካከለኛዋን ጥርስ ሳትነኪ ነጥቦቿን ብቻ ቀይሪ። ከታች የነበሩትን ሁለቱን አጥፊና ከላይ አንድ አድርጊ፦ بنت። «ቢንት» ሆነ፣ ልጅ፣ ሴት ልጅ። ከላይ አንድ ነጥብ ኑን ነውና። ቤትና ሴት ልጅን የለየው ነጥብ ብቻ ነው። ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑንና ያ አምስቱም መነሻና መካከል ላይ አንድ ዓይነት ጥርስ ናቸው። ጥርሱን አትመራመሪው፣ ነጥቡን ቁጠሪ። ከላይ ነው ወይስ ከታች? ስንት ነው? («ሣ» ያልኩት ባለ ሦስት ነጥቡን ነው፤ ምላስ በጥርስ መካከል የምትወጣበት ድምፅ በፊደላችን የለም።) ነጥብ የሌላቸው ሦስት ተከታታይ ጥርሶች ካየሽ ደግሞ አንድ ፊደል ናቸው፣ ሲን።

የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። «መነሻ፣ መካከል፣ መጨረሻ» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። የቃል መነሻና መጨረሻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ስድስት ፊደላት አሉ፦ አሊፍ ا፣ ዳል د፣ ዛል ذ፣ ራ ر፣ ዛይ ز፣ ዋው و። እነዚህ በቀኛቸው ካለው ጋር ይያያዛሉ፣ ወደ ግራ ግን እጃቸውን አይሰጡም። ከእነሱ ቀጥሎ የመጣው ፊደል ቃሉ መሃል ቢሆንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ባብ ኤል መንደብን በዜና ሰምተሽዋል። «ባብ» በር ነው፣ የሚጻፈውም እንዲህ ነው፦ باب። የመጀመሪያዋ ባ አጭር ናት፣ ከአሊፍ ጋር ተያይዛለች። አሊፍ ወደ ግራ አይሰጥም። ስለዚህ ሁለተኛዋ ባ የቃሉ መጨረሻ ብትሆንም ያቺው ብቻዋን የምታውቂያት ባ ናት፣ ሆዷ ሳይጎድል። دار፣ «ዳር»፣ ይሄም ቤት ማለት ነው፣ ይባስ ብሎ ሦስቱም ፊደል ለየብቻው ቆሟል። ጀማሪ እዚህ ጋ ሦስት ቃል ያየ ይመስለዋል። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ከዚህ ሰፋ ያለ ነው፣ ለዓይን ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍተት ባየሽ ቁጥር ከቀኙ ያለውን ፊደል ጠይቂው። ከስድስቱ አንዱ ከሆነ ቃሉ ምናልባት አላለቀም። ካልሆነ አልቋል።

እውነት ለመናገር ሦስት ፊደላት ለብቻቸው መጠናት አለባቸው፦ ዐይን፣ ጋይንና ሀ። የዐይን ራስ ብቻዋን ስትቆም ክፍት አፍ ይመስላል፦ ع። መነሻ ላይም አፏ ክፍት ነው፣ ጅራት ብቻ የላትም፦ عـ። በቀኟ ሲያዝ ግን አፏ ይዘጋል፦ ـعـ፣ ـع። ጋይን ያው ናት፣ ከላይ ነጥብ ተጨምሮላት። ሀ ደግሞ አንዴ ክብ፣ አንዴ ሁለት ቀለበት ትሆናለች፤ እሷን መልመድ ነው እንጂ መላ የለውም።

ጅዳ በየበሩ የምታዪው ممنوع አለ። «መምኑዕ»፣ ክልክል ማለት ነው። ከቀኝ፦ ሚም፣ ሚም፣ አንዲት ጥርስ ከላይ አንድ ነጥብ ያላት፣ ኑን፣ ቀጥሎ ዋው። ዋው ከስድስቱ አንዱ ነው፣ እዚህ ይቋረጣል። የቀረችው ዐይን ብቻዋን ቆማለች፣ ስለዚህ አፏ ክፍት ነው። «መጨረሻ ላይ ነች፣ አፏ መዘጋት ነበረበት» ብለሽ ከፈለግሻት አታገኚያትም።

ልምምዱን ስልክሽ ይሠራልሻል። የአረብኛ ኪቦርድ አስገቢና ب ብቻ ጻፊ። ቀጥለሽ ي ስትነኪ የባ ሆድ ወዲያው ይቆረጣል። ت ስትጨምሪ ደግሞ የያ ጅራት ይሄዳል። ቁልፉ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው፣ የሚያስተካክለው ስልኩ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሶፍትዌሩ ይሄን ሳይችል ይቀርና ፊደላቱ ተለያይተው፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው ይታተማሉ። ሁሉም ፊደል ጅራቱን ዘርግቶ ካየሽ ስህተቱ የአታሚው ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

የሱቅ ሰሌዳ ላይ በእጅ አጻጻፍ የተጻፈውን ግን ለጊዜው ተዪው። እዚያ ሁለቱ ነጥቦች አንዲት ሰረዝ ይሆናሉ፣ የሲን ጥርሶችም ቀጥ ብለው መስመር ይሆናሉ። በታተመው ጀምሪ።

አንድ ቃል ልተውልሽ፦ السلام። «አስሰላም» ነው፣ በቀን ስንቴ የምትሰሚው። ላምና አሊፍ ሲከታተሉ እንደ መቀስ ተጠላልፈው لا ይሆናሉ፣ እሱን ብቻ ልብ በይ። ሚሟ ለምን ብቻዋን እንደቆመች ራስሽ ንገሪኝ።